«ይለምዳል» ላልቶ፣ «ይለምናል» ጠብቆ የሚነበበው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ሜሪላንድ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት የ11 ዓመት ልጅ «ይለምዳል»ን በትክክል አነበበች፤ ቀጥላ «ይለምናል»ንም በዚያው ዜማ፣ አላልታ አነበበችው። ልጆቹ ሳቁባት። እሷ ግን አልተናደደችም፤ «ለምን?» ብላ ጠየቀችኝ። ለመደና ለመነ ሲጻፉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ይለምዳልና ይለምናልም አንድ ዓይነት ናቸው። ታዲያ አንዱ የሚላላው፣ ሌላው የሚጠብቀው በምን ደንብ ነው? ወይስ ቃል በቃል ከማጥናት በቀር መላ የለውም? ደግሞስ እንደ ገባ፣ በላ ያሉት ሁለት ፊደል ብቻ የሆኑት ግሶች ሥራቸው የት ሄደ?

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደንብ አለው፤ በቃል መያዝ አያስፈልግም። ልጅቷ የተሳሳተችው ግን በስንፍና አይደለም፤ ደንቡ የተቀመጠው ፊደላችን በማይጽፈው ቦታ ላይ ስለሆነ ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ ሲነገር ያደገ ልጅ በጆሮው ይዞት ያድጋል፤ ከገጽ ላይ ብቻ የሚያነብ ልጅ ግን የሚያገኝበት መንገድ የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ ግሱን እንፈታዋለን፤ ከዚያ የተደበቀውን የሚያወጣውን ዘዴ እነግርዎታለሁ።

የሚላላና የሚጠብቅ ፊደል እንዲለይ በዚህ ጽሑፍ ቃሉን በአፍ እንደሚሰበር በሰረዝ እከፍለዋለሁ፤ የሚጠብቀውን ፊደልም ሁለት ጊዜ እጽፈዋለሁ። ሰበረ በአፍ ሰብ-በ-ረ ነው። ለማጥበቂያ የሚሆን ምልክት በዩኒኮድ ላይ U+135F ተብሎ ቦታ ተሰጥቶታል፤ በዕለት ተዕለት ጽሑፍ ግን ሲጠቀምበት የሚታይ ሰው የለም።

የአማርኛ ግስ ሁለት ነገሮች የተጋቡበት ነው። አንዱ ሥሩ ነው፤ ሥር ማለት አናባቢ የሌላቸው ተነባቢዎች ብቻ ናቸው። ስ፣ ብ፣ ር ሲደረደሩ «መስበር» የሚባለውን ነገር ሁሉ ይሸከማሉ፤ ሰበረ፣ ይሰብራል፣ ሰባሪ፣ ስብራት፣ ተሰባበረ ሁሉም ውስጥ አሉ። ግን ስ-ብ-ር ብቻውን አይነገርም። ሁለተኛው ነገር ቅርጹ ነው፤ ተነባቢዎቹ መካከል የትኛው አናባቢ እንደሚገባና የትኛው ተነባቢ እንደሚጠብቅ የሚወስን። ለልጆች ሳስረዳ ሥሩን ሊጥ፣ ቅርጹን ምጣድ እላለሁ፤ አንዱን ሊጥ እዚህ ብታፈሰው እንጀራ፣ እዚያ ብታፈሰው ድፎ ይሆናል። ምሳሌው ፍጹም አይደለም፣ ግን ልጆቹ ይይዙታል።

የተፈጸመ ድርጊት የሚነገርበትን ቅርጽ በሰበረ ላይ እንየው። ከመጀመሪያው ተነባቢ በኋላ ግእዝ አናባቢ ይገባል፤ ሁለተኛው ተነባቢ ይጠብቃል፤ ከእሱም በኋላ ግእዝ አናባቢ ይገባል። ሰብ-በ-ር። የመጨረሻዋ «ረ» ላይ ያለችው አናባቢ ግን የቅርጹ አይደለችም፤ «እሱ» የምትል ምልክት ናት። ይህን ለማረጋገጥ ሰውየውን መቀየር ይበቃል፦ ሰበርኩ፣ ሰበርሽ፣ ሰበርን፣ ሰበሩ። ር ባለችበት ቆማ ከኋላዋ ያለው ብቻ ይለዋወጣል። በዚህ ቅርጽ ማን እንዳደረገው የሚነግረን ነገር ሁሉ ከግሱ ኋላ ነው የሚቀጠለው።

ያልተፈጸመው፣ የሚቀጥለው ወይም ገና የሚሆነው ድርጊት ቅርጹ ሌላ ነው። ከመጀመሪያው ተነባቢ በኋላ ያው ግእዝ አናባቢ አለ። ሁለተኛው ተነባቢ ግን ይላላል፤ ከእሱም በኋላ አናባቢ የለም። ሰብር። አድራጊው አሁን ከፊት ይመጣል፦ እሰብር፣ ትሰብር፣ ይሰብር፣ እንሰብር። ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ «አለ» ተጨምሮበት ይሰብራል ይሆናል፤ ይሰብር ሲደመር አለ ማለት ነው። ለዚህ ነው «አይሰብርም» ወይም «ሲሰብር» ስንል ያቺ «አል» የምትጠፋው፤ መጀመሪያውኑ የግሱ አካል አልነበረችም።

ብዙ የትምህርት ቤት መጻሕፍት እነዚህን ሁለት ቅርጾች ኀላፊ ጊዜና የወደፊት ጊዜ ይሏቸዋል። እኔ ለልጆች እንዲህ ባይባል እመርጣለሁ፤ ጎበዝ ልጅ በሳምንቱ ያፈርሰዋል። እናቷ ከጓዳ ስትጠራት «መጣሁ!» ትላለች፣ ገና ከሶፋው ሳትነሳ። «ከመጣ ንገሪው» ውስጥ ያለው መጣ ነገ የሚሆን ነው። «ሲሰብር አየሁት» ውስጥ ያለው ይሰብር ደግሞ ትናንት የሆነ ነው። ቅርጹ የሚናገረው ስለ ሰዓት ሳይሆን ድርጊቱ እንደ ተቋጨ መታየቱን ወይም አለመታየቱን ነው። «መጣሁ» የምትለው ልጅ መምጣቷን እንዳለቀ ጉዳይ አድርጋ ነው የምትሰጠው።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ እንግባ። ለመደ ልክ እንደ ሰበረ ነው። ሥሩ ል-ም-ድ፤ በተፈጸመው ቅርጽ ለም-መ-ደ፤ ባልተፈጸመው ይ-ለም-ዳል። ም በመጀመሪያው ጠበቀች፣ በሁለተኛው ላላች። ይህ ማለት መጥበቋ የእሷ ጠባይ አልነበረም፤ ቅርጹ ያበደራት ነበር፤ ቅርጹ ሲቀየር ብድሩ ተመለሰ።

ለመነ ግን የሌላ ወገን ነው። በዚህ ወገን ያሉት ግሶች መካከለኛ ተነባቢያቸው ከቤቱ ጠብቆ የመጣ ነው፤ መጥበቁ የሥሩ ሀብት እንጂ የቅርጹ ብድር አይደለም። ስለዚህ የትም ቢሄድ አይለቅም። በተፈጸመው ለም-መ-ነ፣ ባልተፈጸመው ይ-ለም-ም-ናል፣ ቦዝ አንቀጹ ለም-ም-ኖ። ግራ የሚያጋባው ነገር የተፈጸመው ቅርጽ ሁሉንም የሚያጠብቅ መሆኑ ነው፤ ለመደንም ለመነንም አንድ ልብስ ያለብሳቸዋል። ስለዚህ የለመደን ወገን ከለመነ ወገን በጆሮ እንኳ መለየት አይቻልም፤ ሁለቱም አንድ ዜማ አላቸው። ልዩነታቸው የሚገለጠው ያልተፈጸመው ቅርጽ ላይ ስንደርስ ነው፤ እዚያ ደግሞ ፊደላችን ዝም ይላል።

ዝምታው በእጥፍ ነው። አንደኛ፣ መጥበቅን አንጽፍም። ሁለተኛ፣ ሳድስ ፊደል ሁለት ሕይወት አለው፦ አንዳንዴ ምንም አናባቢ የሌለው ደረቅ ድምፅ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ አጭር አናባቢ ያለው። ይለምዳል ውስጥ ያለችው ም ደረቅ ናት፤ ከለ ጋር ተጣብቃ «ለም» ትሆናለች፣ አለቀ። ይለምናል ውስጥ ያለችው ም ግን ጠብቃ ስለመጣች ግማሿ ለለ ተሰጥቶ ግማሿ የራሷን አጭር አናባቢ ትይዛለች፤ አለዚያ ሦስት ተነባቢ ተከታትሎ ለምላስ አይመችም። ስለዚህ ሁለቱ ቃላት ርዝመታቸው ራሱ ይለያያል። በጭብጨባ ይሞክሩት፦ ይ-ለም-ዳል ሦስት ጭብጨባ፣ ይ-ለም-ም-ናል አራት። ልጆች «ጠበቀ ላላ» ሲባሉ ብዙም አይገባቸውም፤ ጭብጨባውን ግን ወዲያው ይሰሙታል። በሦስት ጭብጨባ «ይለምናል» ያለች ልጅ ራሷ አንዱ እንደጎደላት ታውቀዋለች።

ጆሮዋ ገና ያልተሳለ ልጅስ? እዚህ ነው ደንቡ የሚረዳን። ፊደሉ ባልተፈጸመው ቅርጽ ላይ የደበቀውን በሌላ ቅርጽ ላይ በግልጽ ይጽፈዋል። አርእስቱን ይመልከቱ፦ መልመድ፣ ግን መለመን። አንደኛው ላይ ከ«መ» ቀጥሎ ያለችው ፊደል ሳድስ ናት (ል)፤ ሁለተኛው ላይ ግእዝ ናት (ለ)። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። መካከለኛው የማይጠብቅ ከሆነ የመጀመሪያው ተነባቢ አናባቢውን ጥሎ «መል» ብሎ መጠጋት ይችላል። መካከለኛው የሚጠብቅ ከሆነ ግን መጠጋት አይችልም፤ ግማሹን የሚደግፍበት አናባቢ ከፊቱ ያስፈልገዋል፣ ስለዚህ «ለ» እንዳለች ትቀራለች። ሌሎችን ጎን ለጎን ያድርጓቸው። መንገር ይላልና ይነግራል ይላላል፤ መነገድ ይላልና ይነግዳል ይጠብቃል። መቅደም ይላልና ልጁ ይቀድማል፣ ላልቶ፤ መቀደስ ይላልና ቄሱ ይቀድሳል፣ ጠብቆ። መስበርና መፈለግ፣ መክፈትና መጀመር፣ መቅበርና መጨመርም እንዲሁ ናቸው። ያልተፈጸመው ቅርጻቸውን ለራስዎ ጮክ ብለው ቢሉት አርእስቱ አስቀድሞ ይነግርዎታል።

አርእስቱ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ፤ እኔም ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ወድቄበታለሁ። ሰሌዳው ላይ «መ ቀጥሎ ግእዝ ፊደል ካለ ይጠብቃል» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መሰበርስ?» አለኝ። እውነቱን ነው። «እግሩ መሰበሩን ሰማሁ» ውስጥ ያለው መሰበር ከመፈለግ ጋር በፊደል አንድ ዓይነት ነው፣ ስ-ብ-ር ግን የላላው ወገን ነው። ምክንያቱ እዚህ ያለው መሰበር ተሰበረ ከሚለው የመጣ መሆኑ ነው፤ «ተ» ተውጣ ስን አጥብቃ አልፋለች። ስለዚህ ዘዴው የሚሠራው ባለቤቱ ራሱ በሚያደርገው ግስ እንጂ በሚደረግበት ላይ አይደለም።

ለዚህ ነው አሁን ከአርእስቱ ይልቅ ትእዛዙን የምመክረው። ትእዛዙ ምንም ቅጥያ የለውም፤ ሥሩና ቅርጹ ራቁታቸውን ናቸው። ልመድ፣ ለምን። ንገር፣ ነግድ። ቅደም፣ ቀድስ። ስበር፣ ፈልግ። የመጀመሪያው ፊደል ሳድስ ከሆነ ያልተፈጸመው ቅርጽ ይላላል፤ ግእዝ ከሆነ ይጠብቃል። የሚደረግበት ግስ ደግሞ በትእዛዝ ላይ «ተ»ውን በግልጽ ስለሚያወጣ (ተሰበር) አይምታታም። እዚህ ላይ ልጅቷ ሳታውቀው የራሷን መልስ ተናግራለች፦ «ለምን?» ስትል ያላላችው ም ጥያቄ ነው፤ ብታጠብቀው «ጠይቀህ ውሰድ፣ እጅህን ዘርጋ» የሚል ትእዛዝ ይሆን ነበር። ሁለቱም በፊደል «ለምን» ናቸው። ቅዳሜ ይህን ቢነግሯት የምትረሳው አይመስለኝም።

በአ የሚጀምሩት ግሶች ላይ ትእዛዙ ከአርእስቱ ይበልጥ ይጠቅማል። አለፈና አሰበ የመጀመሪያ ተነባቢያቸው ጉሮሮ ውስጥ ቀልጦ ስለቀረ አርእስታቸው ምንም አይለይም፤ ማለፍ፣ ማሰብ። ትእዛዙ ግን እለፍ እና አስብ ነው። እለፍ ከስበር ወገን ነውና ያልፋል ይላላል፤ አስብ ከፈልግ ወገን ነውና ያስባል ይጠብቃል። አደረም እደር ስለሚል ያድራል ላላ ነው።

ትእዛዙን ለሴት ልጅ ሲያዙት ሌላ ነገር ይከሰታል፣ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚስቱት። ልመጂ፣ ለምኚ። ድ ወደ ጅ፣ ን ወደ ኝ ተለወጡ። ባልተፈጸመውም ትለምጃለሽ፣ ትለምኛለሽ ነው። የሴቷ ምልክት «ኢ» ከመጨረሻው ተነባቢ ጋር ስትገናኝ ጥርስ አካባቢ የሚነገሩትን ወደ ላንቃ ትስባቸዋለች፦ ት ወደ ች፣ ስ ወደ ሽ፣ ጥ ወደ ጭ፣ ል ወደ ይ። «ትወስዲያለሽ» የሚል ልጅ ሰዋስው አልጎደለውም፤ ደንቡን ይዞ ይህችን አንዷን ለውጥ ብቻ ነው የዘለላት። ትወስጃለሽ በሉት፣ ያልፋል። በተፈጸመው ቅርጽ ግን «ኢ» ስለሌለች ወሰድሽ እንጂ «ወሰጅሽ» የለም።

የሚጠብቀው ወገን አዲስ ቃል የሚገባበት በርም ነው። ከጣልያንኛ የመጣውን ፊርማን ይዘን ግስ ስናደርገው ፈረመ አልን፤ ትእዛዙ ፈርም፣ አርእስቱ መፈረም፤ ስለዚህ ይፈርማል ጠብቆ ነው። ከደወል የወጣው ደወለም መደወል፣ ደውል ይላል። ከስም የተሠራ ባለ ሦስት ተነባቢ ግስ ካጋጠመዎት እንደሚጠብቅ ቢገምቱ ብዙ ጊዜ አይሳሳቱም።

ሦስተኛ ወገን አለ፤ እሱ ግን ራሱን አይደብቅም፣ ስለዚህ ቶሎ እንለፈው። ባረከ፣ ማረከ የመሳሰሉት ከመጀመሪያው ተነባቢ በኋላ ራብዕ አናባቢ ተሸክመው ይሄዳሉ፤ ይባርካል፣ ባርክ፣ መባረክ። በተፈጸመው ይጠብቃሉ (ባር-ረ-ከ)፣ ባልተፈጸመው ይላላሉ (ይ-ባር-ካል)። አራት ተነባቢ ያላቸው እንደ መረመረ ያሉት ደግሞ ከመጨረሻው በፊት ያለውን በሁለቱም ቅርጽ ያጠብቃሉ፤ መ-ረም-መ-ረ፣ ይ-መ-ረም-ም-ራል።

ከተማሪዎችዎ መካከል ሰንበት ትምህርት ቤት ግእዝ የሚማሩ ካሉ አንድ ነገር አስቀድመው ይወቁ። የአብነት ትምህርት ቤት ሊቃውንት የግሥ አርእስት ብለው ስምንት ግሶችን ያስቀምጣሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቀተለና ቀደሰ ናቸው። እነዚህ ሁለቱ አሁን የምንነጋገርባቸው የላላውና የጠበቀው ወገን አለቆች ናቸው፤ ነገሩ ዛሬ የተገኘ አይደለም። ግን ግእዝ ውስጥ የቀተለ ወገን ከአማርኛው ተገላቢጦሽ ነው። በግእዝ ቀተለ ሲባል ተ ላላ ናት፤ ይቀትል ሲባል ትጠብቃለች። ነገረ ላላ፣ ይነግር ጥብቅ። በአማርኛ ደግሞ ነግ-ገ-ረ ጥብቅ፣ ይ-ነግ-ራል ላላ። ቀደሰ በግእዝም ጥብቅ ነው፣ ያልተፈጸመው ግን ይቄድስ ይሆናል፤ አናባቢው ራሱ ተለውጦ ወገኑን ያሳውቃል። ስለዚህ እሑድ ግእዝ፣ ቅዳሜ አማርኛ የሚያነብ ልጅ «ይነግራል»ን አጥብቆ ቢያነብ አትደነቁ፤ የመሪጌታውን ዜማ ይዞ ነው የመጣው።

አሁን ወደ ገባና በላ። ሥራቸው የትም አልሄደም፤ አንድ ተነባቢ ጠፍቶባቸው አሻራውን ትቶ ነው። ግእዙን ያስታውሱ፦ ሰምዐ፣ በልዐ፣ ገብአ። ሦስተኛው ተነባቢ የጉሮሮ ድምፅ ነበር። አማርኛ እነዚህን የጉሮሮ ድምፆች ጣለ፤ ሲወድቁ ግን ከጎናቸው ያለውን አናባቢ ወደ ራብዕ አሰፉት። ሰማ፣ በላ፣ ገባ የሚለው መጨረሻ ላይ ያለው «አ» የሞተው ተነባቢ መቃብር ነው። ለዚህ ነው እንደ ሰበረ በግእዝ ፊደል የማይጨርሱት።

ይህን ካወቅን ቅርጹ ልክ እንደ ሰበረ እንደሚሠራ እናያለን። ሰም-ማ ጠበቀ፤ ይ-ሰ-ማል ላላ። ትእዛዙ ስማ፤ በሳድስ ስለጀመረ ከላላው ወገን ነው። ለካ ግን ትእዛዙም ለካ ነው፤ በግእዝ ጀመረ፤ ስለዚህ ይለካል ጠብቆ ይነበባል። ያው ደንብ ነው፣ ሁለት ፊደል ላይም ያስኬዳል። አርእስቱ ላይ ደግሞ የጠፋው ተነባቢ ካሳ ይከፈለዋል፦ መስማት፣ መብላት፣ መግባት፣ መለካት። ሦስተኛው ቦታ ባዶ እንዳይቀር «ት» ትገባለች። አርእስቱ በ«ት» ጨርሶ ግሱ ላይ ት የሌለች ከሆነ መጨረሻው የጠፋበት ግስ ነው ማለት ነው።

የጠፋው መካከለኛው ከሆነ ግን «ት» አትመጣም፤ መቆም፣ መሄድ፣ መሳም። ቆመ መካከሉ ው ነበረ፤ ው ቀልጣ ኦ ሆነች። ሳመ በግእዝ ሰዐመ ነበር፤ የጉሮሮው ድምፅ ወድቆ ስን ራብዕ አደረጋት። እነዚህ ግሶች በተፈጸመው ቅርጽ እንኳ አይጠብቁም፤ ቆመ፣ ሄደ፣ ሳመ፣ ሁሉም ላላ ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሚጠብቀው መካከለኛው ተነባቢ ነበር፣ እሱ ደግሞ የለም። ይህን ለልጆቹ ለማሳየት ሰማና ሳመን ጎን ለጎን ይጻፉላቸው። ሥራቸው ሁለቱም ስና ም ነው፤ የጠፋው ቦታ ብቻ ይለያል። በተፈጸመው ቅርጽ አንዱ ይጠብቃል፣ ሌላው አይጠብቅም። ባልተፈጸመው አያቷ ድምፅ ይሰማሉ፣ አያቷ ጉንጯን ይስማሉ። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ስ ላይ ያለች አንዲት አናባቢ ናት።

ልጅቷ ይህን ሁሉ ብትይዝም ደንቡ የማይደርስበት አንድ ቦታ ይቀራል። ይበላል። ሲላላ በላ ከሚለው ነው፣ ይ-በ-ላል። ተበላ ከሚለው ሲሆን ደግሞ ተ ተውጣ ብን ታጠብቃለች፣ ልም ትጠብቃለች፤ ይብ-በል-ላል። በሰበረ ላይ ብዙ አያስቸግርም፣ ይሰብራልና ይሰበራል በፊደል ይለያያሉና። በላ ላይ ግን ያቺ መጨረሻ ያለችው ራብዕ ሁለቱንም አንድ ታደርጋቸዋለች፤ ትእዛዙን ብትጠይቁትም ብላና ተበላ ሁለቱም የሚቻሉ ናቸው። እዚህ ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ከማንበብ በቀር መንገድ የለም። «ዶሮው ይበላል» የሚል ነገር ካጋጠማት ዶሮው ፊት ያለው ጥሬ ይሁን ድስት፣ ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ሳታይ እንዳትወስን ይንገሯት።